ክብደቱ ከተመዘነ ቁመቱ ለምን ይለካል? ለመንደር ነዋሪዎች የሚደረግ ንግግር

ጥያቄ፦ በገጠር ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። በቅርቡ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ቁመት ስለምንለካ አስቀድሜ ለነዋሪዎች ንግግር እንዳደርግ ተመድቤአለሁ። ባለፈው ጊዜ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ሳያስለኩ ወደ ቤት ተመልሰዋል። «ክብደቱን መዝናችኋል፣ ክንዱን ለክታችኋል፣ ቁመቱ ምን ያደርግላችኋል?» ይላሉ። ሰሌዳው ላይ ማስተኛትን ከሬሳ ሣጥን ጋር የሚያያይዙም አሉ። «እኛም አጫጭር ነን፤ ልጁ በእኛ ወጣ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም አፍ ይሰማል። ምን ብዬ ባስረዳቸው ይሻላል?

መልስ፦ እናቶቹ የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ ንግግርዎን ከእርሱ ይጀምሩ። ስለ ሥርዓተ ምግብ ጠቀሜታ በሚያወራ ረጅም መግቢያ ከጀመሩ አድማጩ ዋናው ነገር ሳይነገር ይሰለቻል። ልጇ በሚዛን ላይ ተንጠልጥሎ ሲያለቅስ ያየች እናት እንደገና ሰሌዳ ላይ ስታስተኛው ምን አዲስ ነገር እንደሚገኝ ማወቅ ትፈልጋለች። ይህን በአጭሩ ካስረዷት የቀረውን ትሰማዎታለች።

ክብደት በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ዛሬና ስለ ቅርብ ሳምንታት ነው። ልጅ ለጥቂት ቀናት ተቅማጥ ከያዘው ክብደቱ ይቀንሳል፤ ድኖ በደንብ ሲበላ ይመለሳል። ቁመት ግን አይቀንስም። የታመመ ወይም ምግብ የጎደለው ልጅ አጥንቱ አያጥርም፤ ማደጉን ያዘገያል እንጂ። ሰውነት የሚገባለት ሲያንሰው ያለውን ለልብ፣ ለአንጎልና በሽታን ለመከላከል ያውላል፤ በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው የማደጊያ ክፍል ሥራውን ይቀንሳል። አንድ ሳምንት ቢዘገይ በኋላ ሊካካስ ይችላል። ወራት ሲደራረቡ ግን ልጁ ከዕድሜ እኩዮቹ በብዙ ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ቁመቱን ስንለካ የምናየው ከእርግዝና ጀምሮ እስከ ዛሬ የተጠራቀመውን ነው። ይህን ሚዛኑም ሆነ የክንድ መለኪያው ሊነግረን አይችልም።

ሌላም ችግር አለ። መክሳት በዓይን ይታያል፤ የጎድን አጥንት ይወጣል፣ ቂጥ ይሟሽሻል፣ ፊት ይጠወልጋል። ከዕድሜ በታች አጭር መሆን ግን አይታይም። አጭር ልጅ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ የሚጫወትና የሚስቅ ሊሆን ይችላል። በዙሪያው ያሉት ልጆችም አጫጭር ከሆኑ ደግሞ የሚወዳደርበት የለም። እናቱ ጤነኛ ነው ብትል የምታየውን እየተናገረች ነውና አይቃወሟት። የማይታየውን እንድታየው መንገድ ያዘጋጁላት።

እኔ የምመክረው መንገድ ሁለት ዱላና አንድ ከረጢት ነው። ከንግግሩ በፊት አንዱን ዱላ በ79 ሳንቲሜትር፣ ሌላውን በ87 ሳንቲሜትር ይቁረጡ። ከረጢቱን አሸዋ ወይም እህል ሞልተው ልክ 9.5 ኪሎግራም እንዲመዝን ያድርጉ። ዱላ የምልዎት በመካከላቸው ያለ ልጅ አቁመው እንዳያሳዩ ነው። የልጁ ጉድለት በጎረቤት ፊት የተነገረባት እናት ሁለተኛ አትመጣም፤ እርሷን ያዩ ሌሎችም አይመጡም። ከዚያ እንዲህ ይበሏቸው፦

«እናቶች፣ አባቶች፣ ባለፈው ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁን ነበር። ልጁ ከተመዘነ ቁመቱ ለምን ይለካል ብላችኋል። ዛሬ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ። እነዚህ ሁለት ዱላዎች የሁለት ወንዶች ልጆች ቁመት ናቸው እንበል። ሁለቱም ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል። ይህ ከረጢት ደግሞ ክብደታቸው ነው። ክብደታቸው አንድ ስለሆነ አንድ ከረጢት ይበቃናል፤ እባካችሁ አንሡት። ሁለቱን ልጆች ሚዛን ላይ ብናወጣቸው ሚዛኑ በመካከላቸው ምንም ልዩነት አያይም። ለሁለቱም የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ ለዕድሜያቸው ቀለል ብለዋል ይለናል።

«አሁን ዱላዎቹን ተመልከቱ። ይህ ረጅሙ ልጅ በቁመቱ ምንም አልጎደለበትም። በዚህ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ወንድ ልጅ የሚኖረው ቁመት አለው። ይህን ለሚያህል ቁመት ግን ወደ 12 ኪሎግራም የሚጠጋ ክብደት ያስፈልገው ነበር፤ ያለው 9.5 ነው። ስለዚህ ይህ ልጅ በቅርቡ ከስቷል። ምናልባት ታሟል፣ ምናልባት ምግብ አልበላ ብሏል። ይህ ልጅ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት፤ ብንዘገይ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

«አጭሩ ልጅስ? ለቁመቱ ክብደቱ ብዙም አልጎደለም። ብታዩት ከሲታ አትሉትም። ነገር ግን እኩያው 87 ሳንቲሜትር ሲደርስ እርሱ 79 ላይ ቆሟል። ስምንት ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህ ባለፈው ሳምንት የሆነ አይደለም። አንዱ ክፍል በእርግዝና ጊዜ፣ አንዱ ክፍል ስድስት ወር ሞልቶት ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር፣ አንዱ ክፍል ተቅማጥ በተመላለሰበት ጊዜ የሆነ ነው። የእርሱ ችግር የረጅም ጊዜ ስለሆነ መፍትሔውም የረጅም ጊዜ ነው።

«ቁመታቸውን ባንለካ ሁለቱን ልጆች አንድ ዓይነት ምክር ሰጥተን እንሸኛቸው ነበር። ለአንደኛው የምንሰጠው እርዳታ ይዘገይበታል፤ ለሁለተኛው ደግሞ ያልሆነውን እንሰጠዋለን። ቁመት የምንለካው ለዚህ ነው።»

ንግግሩን እዚህ ላይ ቆም አድርገው ዱላዎቹና ከረጢቱ በሕዝቡ እጅ ይዙሩ። አያቶች ከረጢቱን አንሥተው በዱላዎቹ ላይ ሲነጋገሩ እርስዎ ከሚናገሩት የበለጠ ነገር ይገባቸዋል።

ቁጥሮቹን ለምን እንደመረጥኳቸው ለእርስዎ ላስረዳ፤ የሚከራከርዎ ባለሙያ ሊኖር ይችላልና። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መለኪያ መሠረት የ24 ወር ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት 12.2 ኪሎግራም ሲሆን ዝቅተኛው መስመር፣ ማለትም ዜድ ስኮሩ ከ-2 በታች የሚወርድበት፣ 9.7 ነው። 9.5 ኪሎግራም ከዚያ በታች ስለሆነ ሁለቱም ልጆች ለዕድሜያቸው ዝቅተኛ ክብደት አላቸው ተብለው ይመዘገባሉ። ቆሞ የሚለካ የ24 ወር ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት 87.1 ሳንቲሜትር ነው፤ የመቀንጨር መስመሩ 81.0፣ የከባድ መቀንጨር መስመሩ ደግሞ 78.0 ነው። ስለዚህ 79 ሳንቲሜትር ያለው ልጅ ቀንጭሯል፤ ከከባዱ ደረጃ ግን አልደረሰም። ለዚህ ቁመት መካከለኛው ክብደት ከ10 ኪሎግራም ጥቂት ከፍ ያለ ስለሆነ 9.5 አያስደነግጥም። 87 ሳንቲሜትር ላለው ልጅ ግን 9.5 ኪሎግራም የከባድ መክሳት ድንበር ላይ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲያገኙ ሁለቱንም እግሮቹን ተጭነው እብጠት መኖሩን ይመርምሩ፣ የምግብ ፍላጎቱን ይፈትሹ፣ ተጓዳኝ በሽታ ካለው ወደሚተኛበት ሕክምና ይላኩት።

የክንድ መለኪያውንም በንግግርዎ አያሳንሱት። ከ6 እስከ 59 ወር ባለው ልጅ ላይ ከ115 ሚሊሜትር በታች ያለ ክንድ ለሞት የሚያሰጋ መክሳትን ያሳያል። ማንም ሰው በአንድ ደቂቃ ሊለካው መቻሉም ትልቅ ጥቅሙ ነው። ረጅሙን ልጅ ምናልባት ያገኘው ይሆናል። አጭሩን ልጅ ግን አያገኘውም፤ የተሠራውም ለዚያ አይደለም።

ለአጭሩ ልጅ ክብደቱን ብቻ አይቶ ማወፈሪያ ምግብ መስጠት ብዙ ጊዜ የሚታይ ስሕተት ነው። ኃይል ሰጪ ምግብ ሲጨመርለት ክብደቱ ይጨምራል፤ ቁመቱ ግን ተከትሎ ላያድግ ይችላል። በመዝገብ ላይ የክብደት ቁጥሩ ተሻሻለ ተብሎ ይጻፋል፤ ልጁ ግን እዚያው ነው። አጥንት ለማደግ ጥራት ያለው ፕሮቲን፣ ዚንክና ሌሎች ማዕድናት ይፈልጋል፤ በሽታ የማይመላለስበት ጊዜም ይፈልጋል። ስለዚህ ለዚህ ልጅ ቤተሰብ የሚነገረው ምክር ከብዛት ይልቅ ስለ ዓይነት ነው፤ ቤቱ በሚችለው መጠን ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እየተቀያየረ እንዲቀርብለት፣ ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ፣ ውኃውና እጁ ንጹሕ እንዲሆን፣ ተቅማጥ ሲይዘው ቶሎ እንዲታከም ማለት ነው። እናቱ እንደገና ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ትልቁ ሥራ ያለው እርሷ ጋር ነው፤ የሚቀጥለው ልጅ ቁመት ከአሁኑ መሠራት ጀምሯል።

ወደ ሁለተኛው ከባድ ነገር እንምጣ፤ «እኛም አጫጭር ነን» ወደሚለው። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ «ዘር ምንም አያደርግም» ብሎ ይደመድማል። ትክክል አይደለም፤ አድማጩም አያምነውም። ረጃጅም ወላጆች ረጃጅም ልጆች ሲወልዱ በዓይኑ ያያል። በአንድ ልጅና በሌላ ልጅ መካከል ዘር ልዩነት ያመጣል። በአንድ መንደር ልጆችና በሌላ አገር ልጆች መካከል፣ ከአምስት ዓመት በታች ባለው ዕድሜ የሚታየው ልዩነት ግን በአብዛኛው የዘር አይደለም።

ይህን የምንለው በጥናት ላይ ቆመን ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት የዕድገት መለኪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በስድስት አገሮች በተደረገ ጥናት ነው። ቦታዎቹ በብራዚል ፔሎታስ፣ በጋና አክራ፣ በህንድ ዴልሂ፣ በኖርዌይ ኦስሎ፣ በኦማን ሙስካት እና በአሜሪካ ዴቪስ ነበሩ። ወደ 8,500 የሚጠጉ ልጆች ተለክተዋል። የተመረጡት ጡት የሚጠቡ፣ እናቶቻቸው የማያጨሱ፣ ጤና አገልግሎት የሚያገኙና ኑሯቸው ዕድገትን የማያግድ ልጆች ነበሩ። ውጤቱ ለብዙዎች አስገራሚ ነበር፤ የአክራው ልጅና የኦስሎው ልጅ በአማካይ የቁመት ዕድገታቸው እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የቁመት ልዩነቱ አብዛኛው ክፍል በአንድ ቦታ ባሉ ልጆች መካከል እንጂ በቦታዎቹ መካከል አልነበረም። መለኪያው እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሞ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ሥራ ላይ ውሏል።

ለነዋሪዎች ግን የከተማ ስም መደርደር አይጠቅምም። ቁጥሩን ወደ እነርሱ መንደር ያምጡት። እንዲህ ማለት ይችላሉ፦

«በተፈጥሮ አጭር የሆነ ልጅ አለ፤ ይህን አንክድም። ምንም ሳይጎድልባቸው ከሚያድጉ መቶ ልጆች ሁለት ወይም ሦስቱ ለዕድሜያቸው ከተቀመጠው ዝቅተኛ የቁመት መስመር በታች ይሆናሉ፤ እነርሱ በተፈጥሯቸው አጭር ናቸው። በዚህ መንደር 200 ልጆች ብንለካ አምስት የሚሆኑት በተፈጥሯቸው አጭር ቢሆኑ ምንም አይገርመንም። 70 ልጆች ከመስመሩ በታች ከሆኑ ግን የቀሩት 65 ልጆች ምን ሆነው ነው? ሁሉም በዘራቸው ነው ማለት አንችልም። አንድ የሚጎድል ነገር አለ ማለት ነው። ምን እንደሆነ ደግሞ አብረን መፈለግ አለብን። እኛ የዛሬ ወላጆችም ልጅ ሳለን የጎደለብን ነገር ኖሮ ይሆናል፤ ቁመታችን ሁሉ የዘር ነው ብለን መማል አንችልም። ይህን የምላችሁ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የእናንተም እናቶች ያላቸውን ሁሉ ሰጥተዋችኋል።»

የመጨረሻዎቹን ዓረፍተ ነገሮች አይዝለሏቸው። ስለ ልጅ ዕድገት የሚነገር ነገር ሁሉ እናት ጆሮ ሲደርስ ወቀሳ ሊመስል ይችላል። የውኃው ርቀት፣ የሥራው ጫና፣ የወሊድ መቀራረብ በእርሷ ብቻ የሚወሰን አይደለምና አባቶችን እያዩ ይናገሩት።

የ200 ልጆች ምሳሌ ለእርስዎ ለራስዎም ሥራ ነው። 70 ከ200 ማለት 35 ከመቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በሚጠቀሙበት ምደባ መቀንጨር 20 ከመቶ ሲደርስ ከፍተኛ፣ 30 ከመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን እጅግ ከፍተኛ ይባላል። ፕሮግራም የሚያቅደው አካል አንድን ቀበሌ ከሌላው አስቀድሞ እንዲያይ የሚያደርገው ይህ ቁጥር ነው። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራው ለውጥ ማምጣቱና አለማምጣቱ የሚታየውም በእርሱ ነው። ክብደት በክረምትና በበጋ፣ በመኸርና በችግር ወቅት ከፍ ዝቅ ስለሚል ለዚህ ዓይነቱ ፍርድ አይመችም። የቁመት አኃዝ ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ሲንቀሳቀስ ግን እውነተኛ ለውጥ መኖሩን ያሳያል።

አሁን ደፍረው መናገር ያለብዎት አንድ ነገር አለ፤ ቁመት መለካት ለቤተሰቡ ምግብ አያስገኝም። ብዙዎች መዝገብ የያዘ ሰው ሲያዩ እርዳታ ሊታደል ነው ብለው ይጠብቃሉ። ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ለጊዜው ሕዝብ ያሰባስብልዎታል፤ በሚቀጥለው ዙር ግን ባዶ ሜዳ ይጠብቅዎታል። ከዚህም የከፋው ውሂቡ መበላሸቱ ነው። ልጄ አጭር ሆኖ ቢገኝ እርዳታ አገኛለሁ ብላ የምታስብ እናት ዕድሜውን ከፍ አድርጋ ትናገራለች፤ ክፉ ሆና ሳይሆን ለልጇ ስትል ነው። ስለዚህ በግልጽ እንዲህ ይበሉ፦ «ዛሬ ተለክቶ አጭር ሆኖ ለተገኘ ልጅ እህል አይታደልም። ከስቶ የተገኘ ልጅ ግን ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ይገባል። የሁሉም ልጆች ቁመት ተደምሮ ደግሞ መንደራችን ምን እንደሚያስፈልጋት ያሳያል።»

የዕድሜ ነገር እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አጭሩን ልጃችንን እንመልከተው። 79 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ልጅ 24 ወር ከሆነው ቀንጭሯል። እናቱ «ሁለት ዓመት ሞልቶታል» ስትል በግምት ቢሆንና ትክክለኛ ዕድሜው 20 ወር ቢሆንስ? ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚለካው ተኝቶ ነው፤ ተኝቶ ሲለካ ቆሞ ከሚለካው በ0.7 ሳንቲሜትር ያህል ይበልጣል። ስለዚህ 79 የነበረው 79.7 ይሆናል። የ20 ወር ወንድ ልጅ የመቀንጨር መስመር 78.6 ስለሆነ ልጁ ከመስመሩ በላይ ነው። የአራት ወር ግምት አንድን ልጅ ከአንድ ምድብ ወደ ሌላ አሻገረው ማለት ነው። ክብደትን ከቁመት ጋር ስናነጻጽር ዕድሜ አያስፈልገንም፤ ቁመትን ከዕድሜ ጋር ስናነጻጽር ግን ዕድሜው ከተሳሳተ ሰሌዳው ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ውጤቱ ስሕተት ነው።

በንግግርዎ መጨረሻ ላይ የክትባት ካርድ ወይም የልደት ማስረጃ ያለው ይዞ እንዲመጣ ይንገሩ። ለሌላቸው ደግሞ አስቀድመው ከመንደሩ ሽማግሌዎችና አዋላጆች ጋር ተቀምጠው ያለፉትን አምስት ዓመታት በወር በወር የሚያሳይ የክስተቶች መቁጠሪያ ያዘጋጁ፤ በዓላት፣ የዘርና የመኸር ወራት፣ ሁሉም የሚያስታውሰው ጎርፍ ወይም የድልድይ ምረቃ ይግቡበት። «ዕድሜው ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «ያኔ ተወልዶ ነበር? ጡት ነበር የሚጠባው? ይቀመጥ ነበር?» እያሉ መጠየቅ ወደ እውነተኛው ወር ያደርስዎታል። ዕድሜው በጭራሽ ካልታወቀ ከ87 ሳንቲሜትር በታች የሆነውን ተኝቶ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ቆሞ ይለኩት፤ መዝገቡ ላይም ዕድሜው በግምት መሆኑ ይጻፍ።

ሰሌዳውን ከሬሳ ሣጥን ጋር ማያያዛቸው በክርክር አይፈታም። እንጨት ነው፣ ጎን አለው፣ ልጅ ይተኛበታል፤ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ሰሌዳውን ከንግግሩ በፊት አውጥተው ሕዝቡ በተቀመጠበት ቦታ ያኑሩት፤ ትልልቅ ልጆች ይንኩት፣ ቁጥሩን ያንብቡ፣ ተንሸራታቹን ያንቀሳቅሱ። በላዩ ላይ ቀለም ያለው ንጹሕ ጨርቅ ማንጠፍ መልኩን ይለውጠዋል፤ ጨርቁ ግን ስስ ይሁን፣ ከራሱም ሆነ ከእግሩ ጫፍ ጋር አይታጠፍ፤ ካልሆነ ልኬቱን ያዛባል። በመጀመሪያ ፈቃደኛ የሆነች፣ በመንደሩ የምትከበር እናት ልጅ ይለካ። እናቲቱ ከልጇ ራስ በኩል ተንበርክካ ፊቷን ያሳየው፤ ጭንቅላቱን የሚይዘው ረዳቱ ይሁን። ከመለካቱ በፊት ምን እንደሚደረግ ይነገራት፦ ጫማና የራስ መሸፈኛ ይወልቃል፣ ከፍ ብሎ የታሰረ ፀጉር ይፈታል፣ ጉልበቱ ቀስ ተብሎ ይያዛል። ልጇ ያለማስጠንቀቂያ ጉልበቱን ሲጫኑት ያየች እናት ብትነጥቅዎት አይፍረዱባት።

ለመለካት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ጭንቅላቱን፣ ሌላው እግሩን ይዞ ቁጥሩን ያነባል። ብቻዎን ለመሥራት አይሞክሩ። በሁለት ዓመት ዕድሜ በመካከለኛው ቁመትና በመቀንጨር መስመሩ መካከል ያለው ርቀት ስድስት ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ጉልበት ታጥፎ ወይም ሹሩባ በራሱ ላይ ተከምሮ የሚመጣ የአንድ ሳንቲሜትር ተኩል ስሕተት የዚያን ርቀት ሩብ ያህል ነው። ቁጥሩን እስከ አንድ ሚሊሜትር ያንብቡ። ቀኑ ሲያልቅ መዝገቡን ይመልከቱ፤ አብዛኞቹ ልኬቶች በዜሮና በአምስት የሚያልቁ ከሆነ አንባቢው እየገመተ ነበር ማለት ነው። ባለፈው ዙር ከተመዘገበው ያነሰ ቁመት ካገኙ ደግሞ አንዱ ልኬት ስሕተት ነው፤ በዚያው ሰዓት ደግመው ይለኩ።

ከመስመሩ በታች የሆነ ልጅ ሲያገኙ ቁጥሩን ጮክ ብለው አይናገሩ። እናቱን ወደ ጎን ጠርተው ልጁ ከእኩዮቹ በምን ያህል እንደሚያንስ በዱላው ያሳዩዋት፤ ከዚያ ስለ ምግቡ ዓይነት፣ ስለ ሕመሙና ስለ ጡቱ አንድ በአንድ ይጠይቋት። በአንድ ልኬት ልጁን አይፍረዱበት፤ በተፈጥሮ አጭር ከሆኑት ሁለትና ሦስት ልጆች አንዱ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው የሚቀጥለው ልኬት ነው። በራሱ መስመር ላይ እያደገ ከሄደ አንድ ነገር ነው፤ ከመስመሩ እየራቀ ከሄደ ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ ያጣውን ቁመት መልሶ ማግኘት እንደሚከብደው አይሸሽጓት፤ አይቻልም ብለው ግን በሩን አይዝጉባት። እየራቀ እንዳይሄድ ማድረግ ራሱ ለልጁ ትልቅ ነገር ነው።

በየወሩ ልለካው ብትልዎት አያስፈልግም ይበሏት። በሁለተኛው ዓመት አንድ ልጅ በወር የሚያድገው አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ልጅ ሲያለቅስና ሲወራጭ ከሚፈጠረው የመለካት ስሕተት ብዙም አይበልጥም። ከሦስት ወር በኋላ ግን ወደ ሦስት ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ያኔ የሚያዩት ልዩነት የዕድገት ነው። ቀኑን ካርዱ ላይ ይጻፉላት፤ በዚያው ሰሌዳ፣ ከተቻለም በዚያው ሰው እጅ ይለካ።